አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲዘገይና ሲመታ፦ ከማውረዳችሁ በፊት ዘይቱን ተመልከቱ

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ2004 የተመረተች ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ቶዮታ ኮሮላ ናት። ወደ እኔ እጅ ስትገባ የካምቢዮ ዘይቷ መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሻጩ «ካምቢዮዋ ተነክቶ አያውቅም» አለኝ፤ ይህንንም እንደ ሙገሳ ነበር የተናገረው።

ችግሩ በጠዋት ጀመረ። ሞተሩን አስነስቼ ከግቢ ለመውጣት ወደ ኋላ ማርሽ ሳስገባ መኪናዋ ዝም ትላለች። ሦስት ሰከንድ ያህል ቆይታ ከሥር «ድው» ብላ ትይዛለች። ወደ ፊት ማርሹም ይዘገያል፤ ነገር ግን እንደ ኋላው አይደለም። መንገድ ላይ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ስትሻገር ተሳፋሪው አንገቱን የሚነቀንቅ ምት ትሰጣለች። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ስወጣ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም፤ ከዚያ በድንገት ይይዛል። ስትሞቅ ሁሉም ነገር ይሻላታል።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ጋራዥ በግቢው ውስጥ አንድ ዙር ነዳትና «ካምቢዮው ሄዷል፣ መውረድ አለበት» ብሎ ፈረደ። የዘይት መለኪያውን መዝዞ ያየ ሰው ግን አልነበረም። እኔን ያናደደኝ ይህ ነው። ካምቢዮ ማውረድና መፍታት የብዙ ቀን ሥራ ነው፤ የሚጠይቀውም ገንዘብ ብዙ ነው፤ ከተፈታ በኋላ ደግሞ እንደ ቀድሞው ተገጥሞ ስለ መውጣቱ ዋስትና የሚሰጥ ጥቂት ነው። ዘይቱን ማየት ግን መኪናዋ ከሞቀች በኋላ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ስለዚህ መኪናዬን ይዤ ወጣሁ።

ዘይቱ ለምን ይቀድማል? በማኑዋል ካምቢዮ ውስጥ የዘይት ሥራ በዋናነት ማለስለስ ነው። በአውቶማቲኩ ውስጥ ግን ማርሽ የሚያስገባው ራሱ ዘይቱ ነው። ከሞተሩ ጋር የሚዞር ፓምፕ ከታችኛው ገንዳ ዘይት ይስብና በግፊት ወደ ትንንሽ ፒስተኖች ይልካል፤ ፒስተኖቹም የፍሪሲዮን ዲስኮችን አጣብቀው ማርሹን ያስይዛሉ። የዘይቱ መጠን ሲወርድ ፓምፑ ከዘይቱ ጋር አየር ይስባል። አየር ደግሞ ይታመቃል፤ አየር የገባበት ፍሬን ሲረገጥ እንደሚሰምጠው ማለት ነው። ፒስተኑ ዲስኮቹን ለመጭመቅ የሚበቃ ግፊት እስኪያገኝ ጊዜ ይወስድበታል፤ መዘግየቱ ይህ ነው። በዚህ መሃል ሞተሩ ፍጥነት ጨምሮ ይጠብቃል፤ ግፊቱ ሲደርስ ዲስኮቹ በአንድ ጊዜ ይጣበቃሉ፤ ምቱም ይህ ነው። እንግዲህ መዘግየትና መምታት ሁለት በሽታዎች የሚመስሉት ብዙ ጊዜ አንድ ሥር አላቸው።

ጠዋት የሚብሰውም ያለ ምክንያት አይደለም። የቀዘቀዘ ዘይት ይወፍራል፤ መጠኑም ይቀንሳል። በሙቀቱ ሰዓት በጭንቅ የሚበቃ ዘይት በአዲስ አበባ ንጋት ቅዝቃዜ ላይበቃ ይችላል። ሽቅብ ሲወጣ ወይም ጠመዝማዛ ሲዞር ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ስለሚሸሽ የፓምፑ መሳቢያ አየር ያገኛል። ችግራችሁ ጠዋት፣ ሽቅብና ጠመዝማዛ ላይ የሚብስ ከሆነ የዘይት ማነስን ከሁሉ አስቀድሙ።

ልኬቱን ያሳየኝ በሰፈራችን ለረጅም ዘመን የሠራ አንድ አዛውንት መካኒክ ነው። መኪናዋን እቤት በቀዝቃዛው ለክቼ «ዘይቷ አለ፣ ጋሼ» ስለው «ልጄ፣ በቀዝቃዛው የለካኸውን አልሰማህም፤ ነድተህ አሙቃትና ተመለስ» አለኝ። ትክክል ነበር። መለኪያው ላይ ሁለት ክልሎች አሉ፤ አንዱ ለቀዝቃዛ፣ አንዱ ለሙቅ። የቀዝቃዛው ክልል ዘይት ከተቀየረ በኋላ ሻካራ ግምት ለመውሰድ ብቻ የሚጠቅም ነው፤ የሚታመነው የሙቁ ነው። ዘይቱ 70 እስከ 80 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ይህም ማለት ሞተሩን ቆሞ ማሞቅ ሳይሆን መኪናዋን ግማሽ ሰዓት ያህል በመደበኛ መንገድ መንዳት ማለት ነው።

ከዚያ መኪናዋ ሜዳ ላይ ትቆማለች። የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ እግር ፍሬን ላይ ይሆናል። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የማርሽ ዘንጉ ከፓርክ ተነሥቶ በየማርሹ ትንሽ እየቆየ እስከ መጨረሻው ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ፓርክ ይመለሳል። ይህ የሚደረገው ዘይቱ ክፍተቶቹን ሁሉ እንዲሞላ ነው። ሞተሩ ሳይጠፋ መለኪያው ይወጣል፤ ይጠረጋል፤ እስከ መጨረሻው ተመልሶ ይገባል፤ እንደገና ሲወጣ ይነበባል። ሞተሩን አጥፍቶ መለካት በእንዲህ ዓይነቱ ካምቢዮ ያታልላል፤ የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው በሚያስተላልፈው በቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ የነበረው ዘይት ወደ ገንዳው ስለሚወርድ መለኪያው የሞላ ያስመስለዋል። ነገር ግን ይህ ለሁሉም መኪና አይሠራም። ሆንዳ ካላችሁ የሚለካው ሞቆ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ወዲያው ነው። የመኪናችሁን መመሪያ ተከተሉ።

መጥረጊያውን አትናቁት። ከቦጫጫቂ ጨርቅ የሚረግፍ ክር በካምቢዮው ውስጥ ያሉትን ጠባብ የቫልቭ መተላለፊያዎች ሊያደናቅፍ ስለሚችል ክር የማይረግፍ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ወፍራም የወረቀት መጥረጊያ ተጠቀሙ። መለኪያው ሲነበብ አንዱ ገጽ ከሌላው ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ ከቱቦው ግድግዳ የተለቀለቀው ዘይት ነው የሚያሳስተው። ዝቅ ብሎ የሚታየውን ገጽ እመኑ።

የኔ መኪና በሙቅ ስትለካ ዘይቱ ከሙቁ ክልል ታችኛ ምልክት በታች፣ ቀዝቃዛው ክልል ላይ ተኝቶ ነበር። በእርግጥ ጎድሏል። አዛውንቱ በዚህ አላበቃም፤ ጠብታውን ነጭ ወረቀት ላይ አደረገና አሸተተው። አዲስ የካምቢዮ ዘይት ቀይና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። የኔው እንደ ሻይ ቡናማ ሆኖ ነበር፤ ነገር ግን ብርሃን ያሳልፋል፤ የተቃጠለ ሽታም አልነበረውም። ይህ ያረጀ ዘይት ነው፤ የሞተ ካምቢዮ አይደለም። ጥቁር ሆኖ የተቃጠለ ሽታ ቢኖረው፣ በጣት ሲታሸም አሸዋ አሸዋ ቢል ኖሮ ዲስኮቹ እየተቃጠሉ ነበርና ወሬው ሌላ ይሆን ነበር። ወተት የተቀላቀለበት ፈዛዛ ሮዝ መልክ ካያችሁ ደግሞ መኪናዋን አታንቀሳቅሷት። በብዙ መኪኖች የካምቢዮ ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ነው፤ ያ ቱቦ ሲበሳ ውሃ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ውሃ የዲስኮቹን ሽፋን ከብረቱ ያላቅቃል፤ ከዚያ በኋላ የዘይት ቅያሬ ብቻውን አያድንም።

የካምቢዮ ዘይት እንደ ሞተር ዘይት እየነደደ አያልቅም። ከጎደለ የፈሰሰበት ቦታ አለ። ሌሊቱን ከመኪናዋ ሥር ካርቶን ዘርግቼ አደርኩ። ጠዋት ከፊት ግራ ጎማ ትንሽ ወደ ውስጥ በኩል ቀያይ ቡናማ ጠብታዎች ነበሩ። በአንዳንድ መኪኖች የመሪ ዘይትም ቀይ ስለሆነ ቀለሙን ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም፤ ጠብታው የወደቀበትን ቦታ ከላይ ካለው ነገር ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። የሞተር ዘይት ጠቆር ይላል፤ የራዲያተር ውሃ ደግሞ ቀጭን ነው፣ ይጣፍጣል የሚባል ሽታም አለው። እኛ ሥሩን አጥበን፣ ትንሽ ነድተን እንደገና ስናይ እርጥበቱ የግራው የጎማ አክስል ወደ ካምቢዮው በሚገባበት ቦታ ላይ ነበር። የዚያ ማኅተም፣ መካኒኮቻችን ፓራኦሊዮ የሚሉት፣ ደርቆ ነበር። መለዋወጫው ርካሽ ነው፤ ለማስገባት አክስሉ መውጣት ስላለበት የእጅ ዋጋው ነው የሚበልጠው።

መጀመሪያ ግን ፓራኦሊዮውን ሳንነካ ምርመራውን ጨረስን። ሩብ ሊትር በቀጭን ማንቆርቆሪያ በመለኪያው ቱቦ ጨመርን፤ ነዳን፤ ለካን፤ እንደገና ጥቂት ጨመርን። በዚህ ካምቢዮ ላይ ከታችኛው ምልክት እስከ ላይኛው ያለው ልዩነት ግማሽ ሊትር እንኳ ስለማይሞላ በልግስና መጨመር አደጋ አለው። ከልክ በላይ የተሞላ ዘይት ከሚሽከረከሩት ጥርሶች ጋር ይጋጭና አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ አየር ነው፤ ያው መዘግየትና ምት ይመለሳል። በዚህ የተነሳ «ብሶበታል» ተብሎ ካምቢዮው ሊወርድ ይችላል።

ልዩነቱን በግምት እንዳንናገር ሰዓት ይዘን ለካን። ሞቃት መኪና፣ ሚኒሞ፣ የእጅ ፍሬንና የእግር ፍሬን፤ ከገለልተኛ ወደ ማርሽ ሲገባ እስኪይዝ ያለው ጊዜ ይቆጠራል፤ በልኬቶቹ መካከል አንድ ደቂቃ እየተጠበቀ ይደጋገምና አማካዩ ይወሰዳል። በቶዮታ መመሪያ ወደ ፊት ማርሽ ከ1.2 ሰከንድ፣ ወደ ኋላ ማርሽ ከ1.5 ሰከንድ መብለጥ የለበትም። ዘይቱ ከመጨመሩ በፊት ወደ ኋላ ማርሹ በሙቅ ሁለት ሰከንድ ገደማ ይፈጅ ነበር። መጠኑ ከተስተካከለ በኋላ ከ1.5 ትንሽ በታች ሆነ። ሽቅብ ላይ የነበረው የሞተር ጩኸትም ጠፋ። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ያለው ምት ግን ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ምቱ የቀረው በዘይቱ እርጅና ነበር። በካምቢዮ ዘይት ውስጥ የዲስኮቹን አያያዝ የሚያለሰልሱ ቅመሞች አሉ፤ ዘይቱ ሲያረጅ እነሱ ይደክማሉ፣ ዲስኮቹም ቀስ ብለው ከመጣበቅ ይልቅ ነከስ ያደርጋሉ። ስለዚህ ፓራኦሊዮው በሚቀየርበት ጊዜ ዘይቱንም ለመቀየር ወሰንኩ።

እዚህ ላይ የዘይቱ ዓይነት የግድ ነው። የኔ መኪና መለኪያ ላይ የተጻፈው ታይፕ ቲ ፎር ነው። አንድ ነጋዴ «ቀይ ሁሉ አንድ ነው» ብሎ ዴክስሮን ሊሸጥልኝ ሞከረ። አንድ አይደለም። ከቲ ፎር በኋላ የመጡ ቶዮታዎች ደብልዩ ኤስ የሚባል ቀጠን ያለ ዘይት ይጠቀማሉ፤ ሁለቱ በቅጥነትም በአያያዝም ይለያያሉ። በማርሽ ፋንታ በቀበቶ የሚሠራው ሲቪቲ ካምቢዮ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ዓለም ነው። ቪትዝ ያላችሁ በተለይ ተጠንቀቁ፤ ባለ አራት ማርሹም ሲቪቲውም በአንድ ስም ይሸጣል። ሲቪቲ ውስጥ የመደበኛ አውቶማቲክ ዘይት ከገባ ቀበቶው ሊንሸራተትና ሊፋቅ ይችላል። ጥርጣሬ ካለ የመኪናው መመሪያ እንጂ የሱቅ መደርደሪያ ዳኛ አይሁን።

ቅያሬውን ያደረግነው በማሽን በግፊት በማጠብ ሳይሆን በማፍሰስና በመሙላት ነው። አዛውንቱ ለአሮጌ ካምቢዮ ማሽን አይወድም፤ ለዓመታት የተጋገረ ቆሻሻ በአንድ ጊዜ ተነሥቶ ቫልቭ ውስጥ እንዳይቀመጥ ይፈራል። ከገንዳው ሥር ያለው ብሎን ሲፈታ ሦስት ሊትር ገደማ ይወርዳል፤ ጠቅላላው ግን ሰባት ሊትር አካባቢ ነው፤ የቀረው በቶርክ ኮንቨርተሩና በቱቦዎቹ ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ማፍሰስ ከ40 በመቶ ትንሽ የሚበልጠውን ብቻ ያድሳል። በሳምንታት ልዩነት ሲደገም አዲሱ ዘይት ሁለት ሦስተኛ ይደርሳል፤ ሲሠለስ 80 በመቶ ያህል ይሆናል። እኔ እስከ መሠለሱ ሄድኩ። የወረደውን ዘይት ሁልጊዜ መስመር ባለው ጠርሙስ ለክታችሁ ያንኑ ያህል መልሱ፤ መጨረሻ ላይ ግን የሚፈርደው ሙቅ ልኬቱ ነው።

በመጀመሪያው ቅያሬ ገንዳውንም አወረድነው። ይህ በካምቢዮው ላይ የሚደረግ ርካሽ ምርመራ ነው። ገንዳው ውስጥ ማግኔቶች አሉ። በኔዎቹ ላይ የተጠራቀመው እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ ዱቄት ነበር፤ ይህ ከዓመታት አገልግሎት የሚጠበቅ መፋቅ ነው። በጣት የሚለይ የብረት ቁራጭ፣ ቢጫ የነሐስ ፍርፋሪ ወይም ጥቁር የዲስክ ቅራፊ ቢሆን ኖሮ ወደ መጀመሪያው ጋራዥ ሰዎች ፍርድ እጠጋ ነበር። ፊልትሮውን ቀየርን፤ ገንዳውን በአዲስ ጋርኒሲዮን መለስን። ብሎኖቹ ትንንሽ ናቸው፤ በኃይል የሚያጠብቅ ሰው ጋርኒሲዮኑን ይቀድዳል ወይም የብሎኑን ጥርስ ይበላዋል፤ ያኔ አዲስ ፍሳሽ ይጀምራል።

ከሁለተኛው ቅያሬ በኋላ የመንገዱ ምት ተወ። ነገር ግን ቆማ ወደ ኋላ ማርሽ ስትገባ አሁንም አንድ ድምፅ ነበር። መዘግየት የለም፣ ግን «ድው» ትላለች። ዘይቱ ከጠራ በኋላ እዚህ ላይ ካምቢዮውን መጠርጠር ፍትሐዊ አልመሰለኝም። ኮፈኑን ከፍቼ ሌላ ሰው ፍሬኑን በደንብ ረግጦ ከኋላ ማርሽ ወደ ፊት ሲያፈራርቅ ሞተሩን ከጎን ቆሜ አየሁ። ሞተሩ ዘልሎ ይመለስ ነበር። የኋለኛው የሞተር መደገፊያ ጎማ ተቀዶ ኖሯል። ይህን ሙከራ ስታደርጉ ከመኪናው ፊትም ኋላም አትቁሙ፤ ጎማዎቹ ይታገዱ። ሚኒሞው ከፍ ያለ ከሆነም ተመሳሳይ ምት ይሰማል፤ ሞተሩ በቅዝቃዜ ገና ሲነሣ ከ1000 ዙር በላይ ስለሚሽከረከር እስኪወርድ ጥቂት መጠበቅ ይበጃል።

ዘይት ማስተካከል የማይፈታው ነገር ደግሞ አለ። መጠኑ ልክ ሆኖ፣ ዘይቱም ንጹሕ ሆኖ አንድ ማርሽ ብቻ የሚመታ ወይም የማይገባ ከሆነ፣ ወይም የሞተር መብራት ከበራ ኮምፒውተር ይሰካ። እንደ P0750 ያለ ኮድ ማርሽ የሚቀይረውን የመጀመሪያውን ሶሌኖይድ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ የዘይት ቫልቭ፣ ያመለክታል፤ ሶሌኖይድ ደግሞ ካምቢዮው ሳይወርድ በገንዳው በኩል ሊቀየር የሚችልባቸው ብዙ መኪኖች አሉ። መለኪያ የሌላቸው አዳዲስ መኪኖች ያላችሁም ልኬቱ የለም ማለት አይደለም። መኪናው ሜዳ ላይ በአራቱም በኩል እኩል ተነሥቶ፣ ዘይቱ 40 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ፣ ሞተሩ እየሠራ ከሥር ያለው የልክ ብሎን ይከፈታል፤ ዘይቱ በቀጭኑ ከተንጠባጠበ ልክ ነው። ሙቀቱ ከኮምፒውተር ላይ ይነበባል። ይህን በሞቀ መኪና ላይ የሚያደርግ ሰው ዘይቱ ስለሰፋ ከሚገባው በላይ ያፈስሳል፤ ስለዚህ የሙቀቱን ቁጥር ካላሳያችሁ አታስጀምሩት።

አሁን የኔ ፓራኦሊዮ ደረቅ ነው፤ የመንገዱ ለውጥ ለስላሳ ነው፤ የተቀደደው ጎማም ተቀይሯል። በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ወደ ኋላ ማርሹ አሁንም ከሌላው ወቅት ትንሽ ይዘገያል። በውስጡ ያሉት የፒስተን ጎማዎች በእርጅና ጠንክረዋል የሚል ግምት አለን፤ ቅዝቃዜ ሲመጣ ግፊት ያሾልካሉ። የጠነከረ ጎማን አዲስ ዘይት መልሶ አያለሰልሰውም፤ መዘግየቱ በሙቅ ልኬት ከ1.5 ሰከንድ መብለጥ ከጀመረ ያኔ ካምቢዮው ይወርዳል።